ወዛም ፊትና የማጽጃ ዘይት፦ ሰሞኑን ሲዞር ለሰነበተው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ማታ ማታ ፊትን ሁለቴ መታጠብ የኮስሞቲክስ ሻጮች ሁለት ዕቃ ለመሸጥ ያመጡት ፋሽን ነው። ጥሩ መታጠቢያ ያለው ሰው አንዴ ከታጠበ ይበቃዋል። ወዛም ፊት ላይ ደግሞ ዘይት መጨመር በእሳት ላይ ጋዝ ማርከፍከፍ ነው፤ ቀዳዳ ይደፍናል፣ ብጉር ያወጣል። ሁለቴ መታጠብ ቆዳውን ያደርቀዋል፤ የደረቀ ቆዳ ለማካካስ ሌላ ወዝ ያመርታል። የግድ ሜካፕ ማስለቀቅ ካለባችሁ ቤት ያለው የኮኮናት ወይም የወይራ ዘይት ይበቃል። ለውጭ ዕቃ ገንዘባችሁን አታፍስሱ።»

ይህ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። በምሠራበት ፋርማሲ ስልካቸውን አውጥተው ያሳዩኝ ደንበኞች አሉ። ጸሐፊዋ የሰው ገንዘብ በከንቱ እንዳይባክን ማሰቧ ደስ ይላል። የኮስሞቲክስ ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። ችግሩ እውነትና ስህተቱ አንድ ላይ መደባለቁ ነው። መጨረሻ ላይ የሰጠችው ምክር ደግሞ ለወዛም ፊት ከሁሉም የባሰው ነው። በተራ በተራ ልመልስ።

ስለ ሻጮቹ

ሻጮች ከዚህ ልማድ በደንብ መጠቀማቸውን አልክድም። ፊትን በዘይት ማጽዳት ግን ከነሱ በፊት የነበረ ነገር ነው። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሐኪም ጋለን ሰምና ዘይት ከውሃ ጋር አዋህዶ የሠራው ቅባት ዛሬ ኮልድ ክሬም ለምንለው መነሻ ተደርጎ ይቆጠራል። የቲያትር ተዋንያን የመድረክ ቀለማቸውን ሲያስለቅቁ የኖሩት በዚያ ዓይነት ቅባት ነው። ጃፓናዊው የሜካፕ ባለሙያ ሹ ኡኤሙራ የማጽጃ ዘይቱን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። የኮሪያ የፊት አጠባበቅ ዓለምን ያዳረሰው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። ስለዚህ ልማዱ የመጣው ፊታቸው ላይ በየቀኑ ብዙ ነገር የሚቀቡ ሰዎች ማታ ማስለቀቂያ ስለፈለጉ ነው።

ዋናው ጥያቄም ይኸው ነው። ማታ ፊታችን ላይ ያለው ምንድን ነው?

ቀኑን ቤት ከዋላችሁ፣ ፊታችሁ ላይ ያለው የራሱ ወዝ፣ ላብና ትንሽ አቧራ ነው። ለዚህ አንድ ለስለስ ያለ መታጠቢያ በቂ ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊዋ ልክ ናት፤ ሁለቴ መታጠብ አያስፈልግም። ተራ ሰንስክሪን ብቻ ቀብታችሁ ከሆነም ብዙ ጊዜ አንድ ጥሩ መታጠቢያ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ ጥናት ውሃ ብቻውን፣ አረፋ ያለው መታጠቢያና የማጽጃ ዘይት ሰንስክሪን ሲያስለቅቁ አወዳድሮ ነበር። ውሃ የማይቋቋመውን ሰንስክሪን አረፋው በደንብ አነሳው። ውሃ የሚቋቋመው ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ተለወጠ። አረፋው ከፍተኛ መጠን ያለውን ሰንስክሪን ቆዳው ላይ ጥሎ ሄደ፤ ዘይቱ ግን አብዛኛውን ጠርጎ አወጣው። ውሃ ብቻውንማ በሁለቱም ላይ ብዙ አልሠራም።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ውሃ የሚቋቋም ሰንስክሪን ቆዳ ላይ ሲደርቅ እንደ ስስ ፕላስቲክ ያለ ሽፋን የሚሠሩ ፖሊመሮች አሉበት። ብዙ ጊዜ ሲሊኮንም ይጨመርበታል። ፀሐዩን የሚያጣሩት ኬሚካሎችም አብዛኞቹ በዘይት እንጂ በውሃ የሚሟሙ አይደሉም። ዚንክ ኦክሳይድና ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ያላቸው ሰንስክሪኖች ላይ ደግሞ የዱቄቱ ቅንጣቶች ብዙ ጊዜ በሲሊኮን ወይም በቅባት ነክ ነገር ተለብጠዋል። ይህ ሁሉ ቀን ላብና ዝናብ እንዳያነሳው ተብሎ የተሠራ ነው። ማታ በውሃና በጥቂት አረፋ ቶሎ አልለቅም ቢል አይገርምም። ቅቤ የነካ እጅ በቀዝቃዛ ውሃ ሲታጠብ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

አዲስ አበባ ለምንኖር ደግሞ ጉዳዩ ይበልጥ ይመለከተናል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ለምድር ወገብም ቅርብ ነች። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ፀሐዩ የማያቃጥል ይመስለናል፤ ጨረሩ ግን ኃይለኛ ነው። ማድያት ያለባቸው ሰዎች የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ብዙ ጊዜ ቀለም ያለው ሰንስክሪን ይታዘዝላቸዋል። ምክንያቱም ጠይም ቆዳ ላይ ማድያትን የሚያባብሰው የማይታየው ጨረር ብቻ አይደለም፤ የሚታየው ብርሃንም ያባብሰዋል። ያንን ብርሃን የሚከለክለው ቀለሙን የሚሰጠው አይረን ኦክሳይድ ነው። ይህ ሰንስክሪን በሁለት ጣት ርዝመት ልክ ፊትና አንገት ላይ ተቀብቶ፣ ውጭ ከዋልን ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ ሲደገም፣ ማታ የሚጠብቀን ሽፋን ቀላል አይሆንም። በላዩ ላይ ፋውንዴሽንና ፓውደር ሲጨመርማ አስቡት።

ስለዚህ በየምሽቱ ሁለቴ ታጠቡ ብሎ ሕግ ማውጣትም ሆነ አንዴ ሁሌም ይበቃል ማለት አይሠራም። ማሸጊያው ላይ «ውሃ ይቋቋማል፣ 40 ደቂቃ» ወይም «80 ደቂቃ» የሚል ካለ፣ ወይም ፋውንዴሽን ከተቀባችሁ፣ ሁለቴ ታጠቡ። ካልሆነ አንዴ ይበቃል።

ስለ ዘይቱና ስለ ወዛም ፊት

እዚህ ላይ ትንሽ ረዘም አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ሰው ይበልጥ የሚፈራው ይህን ነውና።

ጸሐፊዋ «ዘይት» ስትል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንደ አንድ ቆጥራለች። አንደኛው ተራ ዘይት ነው። የወይራ፣ የኮኮናት፣ የጉሎ ዘይት ሊሆን ይችላል። ፊት ላይ ሲቀባ ይቀመጣል፤ ውሃ ሲያገኘው ይንሸራተታል እንጂ አይለቅም። ሁለተኛው የማጽጃ ዘይት ወይም ባልም ነው። በውስጡ ኢመልሲፋየር አለበት። ይህ ንጥረ ነገር አንድ ጫፉ ዘይት ይወዳል፣ ሌላው ጫፉ ውሃ ይወዳል። ፊት ላይ ያለው ዘይት ውሃ ሲነካው ኢመልሲፋየሩ ዘይቱን በጥቃቅን ነጠብጣቦች ይከፋፍለዋል። ድብልቁ እንደ ወተት ይነጣል። ከዚያ በኋላ የሚወርደው ዘይቱ ብቻ አይደለም፤ የሟሟው ሰንስክሪን፣ ሜካፕና ወዝም አብሮ ይሄዳል።

ለወዛም ፊት ትልቁ ልዩነት እዚህ ነው። የሚያሳስበን ዘይት ፊት ላይ አድሮ የሚነጋበት ዘይት ነው። ለአንድ ደቂቃ ነክቶ፣ ወተት ሆኖ የሚታጠብ ዘይት ግን ቀዳዳ ውስጥ ለመቀመጥ ጊዜ የለውም። ወዛም ሰው ማታ አረፋውን ብቻ ተጠቅሞ ከሰንስክሪኑ ጥቂት የማይባለውን ፊቱ ላይ ይዞ ሲተኛ የበለጠ ነገር ቀዳዳው ላይ ያድራል።

«ቀዳዳ ይደፍናል» የሚለው ሐሳብ ከየት እንደመጣም ማወቅ ይጠቅማል። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተመራማሪዎች የተለያዩ ንጥረ ነገሮችን የጥንቸል ጆሮ ውስጠኛ ክፍል ላይ እየቀቡ ቀዳዳ መድፈናቸውን ይለኩ ነበር። ከ0 እስከ 5 ነጥብ የሚሰጡ ዝርዝሮች የተወለዱት ከዚያ ነው። የጥንቸል ጆሮ ግን ከሰው ፊት ይልቅ በቀላሉ ይደፈናል። የተፈተነውም በአብዛኛው ንጥረ ነገሩ እንጂ ገበያ ላይ ያለው ዕቃ አልነበረም፤ በዚያ ላይ እየተቀባ ሳይታጠብ ይቆይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ድሬሎስና ዲናርዶ የተባሉ ተመራማሪዎች ጉዳዩን በሰው ቆዳ ላይ እንደገና አዩት። በዝርዝሩ መጥፎ ነጥብ ያገኘ ንጥረ ነገር ያለበት የተጠናቀቀ ዕቃ የግድ ቀዳዳ እንደማይደፍን አገኙ። ስለዚህ የማሸጊያውን ጀርባ አንብቦ አንድ ስም ስላየን ብቻ ዕቃውን መጣል ትክክል አይደለም። «ኦይል ፍሪ» የሚለው ጽሑፍም ዋስትና አይሆንም።

አንድ ነገር ግን ለጸሐፊዋ ልቀበል። በማጽጃ ዘይት ምክንያት ብጉር የወጣባቸው ሰዎች አሉ። ቆዳ ከሰው ሰው ይለያያል። ብጉሩ የመጣው ከዘይቱ ነው ወይስ ከአጠቃቀሙ የሚለውን ሳንለይ ግን መፍረድ የለብንም። አንድ ምሳሌ ላንሳ።

አንዲት የዘመድ ልጅ ባንክ ገንዘብ ከፋይ ናት። ፊቷ በጣም ወዛም ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ግንባሯና አፍንጫዋ ያብረቀርቃል። ጉንጯ ላይ ማድያት ስለወጣባት ሐኪም ቀለም ያለው፣ ውሃ የሚቋቋም ሰንስክሪን አዘዘላት። ማታ በአረፋ ስትታጠብ ፎጣዋ ላይ ቡናማ ቀለም ይቀራል። ማጽጃ ዘይት ገዛች። ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ በአገጯ ጠርዝና በፀጉሯ መስመር ላይ ትናንሽ፣ ድፍን፣ የማያሳክኩ እብጠቶች ወጡባት። «እትዬ፣ ዘይቱ ነው የገደለኝ፤ ያ ጽሑፍ ልክ ነበር» ብላ መጣች።

እንዴት እንደምትጠቀም እንድታሳየኝ ጠየቅኋት። መጀመሪያ ፊቷን በውሃ አራሰች። ከዚያ በእርጥብ እጇ ዘይቱን ቀባች። ትንሽ አሸችና ወዲያው ውሃ በእፍኟ እየያዘች ፊቷ ላይ ረጨች። ከዚያ መታጠቢያውን ተጠቅማ ጨረሰች።

ስህተቱ ሁለት ቦታ ላይ ነበር። ፊቷ ርጥብ ስለነበር ኢመልሲፋየሩ የመጀመሪያ ጉልበቱን ያባከነው በዚያ ውሃ ላይ ነው፤ ሰንስክሪኑን በደንብ ሳያሟሟ ወተት ሆነ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ውሃውን በአንዴ ስለረጨችው መሃል ፊቷ ታጠበ እንጂ ጠርዙ አልታጠበም። እብጠቶቹ የወጡት በትክክል እጇና ውሃው በማይደርስበት ቦታ ነው፦ የአገጭ ጠርዝ፣ የጆሮ ፊት፣ የፀጉር መስመር። ዕቃው ባይስማማት ኖሮ ይበልጥ ወዝ ያለው ግንባሯና አፍንጫዋም ባልተረፈ ነበር።

ያስተካከልነው እንዲህ ነው። እጅም ፊትም ደረቅ ይሁን። ዘይት ከሆነ ሁለት ጭምቅ፣ ባልም ከሆነ የሻይ ማንኪያ ግማሽ ያህል በመዳፍ ላይ ይሞቃል። መጀመሪያ ጉንጭና ግንባር፣ ቀጥሎ አፍንጫ፣ መጨረሻ ላይ በተዘጋ ዓይን ሽፋንና ሽፋሽፍት ላይ በጣት ጫፍ ቀስ ተብሎ ይታሻል። ከግማሽ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ጣቶቹን ብቻ አርሶ እንደገና ማሸት ነው። ዘይቱ ይነጣል። ሁለት ሦስቴ ጣት እያረሱ መላ ፊት፣ አገጭ ሥርና የፀጉር መስመር እስኪነጣ ድረስ ይቀጥላል። ሰዎች የሚዘሉት ይህን ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ግን ይኸው ነው። ከዚያ በለብ ያለ ውሃ ይታጠባል። ቀጥሎ ለስላሳ ጄል መታጠቢያ፣ ግማሽ ደቂቃ፣ ጠርዙ ሳይረሳ። በፎጣ መታ መታ እያደረጉ ማድረቅ እንጂ ማሸት አይገባም። ጠይም ቆዳ በተፈተገ ቁጥር ጥቁር ምልክት ሊተውበት ይችላል፤ ማድያት ያለባት ሰው ደግሞ ከዚህ መጠንቀቅ አለባት።

ዕቃውን አልቀየረችም። እብጠቶቹም ቀስ በቀስ ጠፉ። እንዲህ ያለው ድፍን ቀዳዳ ለመፈጠርም ለመጥፋትም ሳምንታት ስለሚፈጅ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ታዲያ ዘይቱ በእርግጥ ካልተስማማ እንዴት ይታወቃል? በትክክል እየተጠቀማችሁበት እብጠቱ መላ ፊት ላይ ከቀጠለ፣ ወይም ስድስት ሳምንት አካባቢ ቆይቶ መሻል ካላሳየ፣ ዕቃውን ቀይሩ። ፊት ወዲያውኑ የሚቃጠልና የሚቀላ ከሆነ ችግሩ ብዙ ጊዜ ዘይቱ ሳይሆን የተጨመረው ሽቶ ነው፤ ሽቶ የሌለው ፈልጉ። ግንባርና ደረት ላይ መጠናቸው አንድ ዓይነት የሆኑ፣ የሚያሳክኩ ብዙ ትናንሽ ሽፍታዎች ከወጡ ደግሞ ብጉር ላይሆን ይችላል። ማላሴዚያ የተባለው የቆዳ ፈንገስ የፀጉር ቀዳዳ ውስጥ ሲበዛ እንዲህ ያደርጋል። ይህ በብጉር መድኃኒት አይድንም። የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄዶ የፈንገስ መድኃኒት መውሰድ ያስፈልጋል።

ሻጮች ደግሞ የሚናገሩት አንድ ነገር አለ፤ «ብጉር የወጣብሽ ቆዳሽ ቆሻሻውን እያስወጣ ስለሆነ ነው፣ ቀጥዪ» ይላሉ። ይህ ለማጽጃ ዘይት አይሠራም። መጀመሪያ ላይ ብጉር ሊያባብሱ የሚችሉት እንደ አዳፓሊንና ትሬቲኖይን ያሉ የቆዳን መታደስ የሚያፋጥኑ መድኃኒቶች ናቸው። ታጥቦ የሚሄድ ዘይት ይህን አያደርግም። በዘይቱ ብጉር እየወጣባችሁ ከሆነ ታግሣችሁ የምታልፉት ነገር የለም።

ስለ መድረቁና ስለ ወዙ መብዛት

ማድረቁ እውነት ሊሆን ይችላል። በተለይ ሁለተኛው መታጠቢያ ኃይለኛ ሲሆን። ብዙ ሰው ከዘይቱ በኋላ የሚጠቀመው የገላ ሳሙና ነው። የቆዳ ላይኛ ክፍል የአሲድነት መለኪያው፣ ፒኤች፣ 5 አካባቢ ሲሆን ተራ ደረቅ ሳሙና 9 እና 10 ይደርሳል። ቆዳው ይጨመደዳል፣ ይሳባል፤ ሰው ግን «ጸዳ» ብሎ ይደሰታል። ከታጠባችሁ በኋላ ፊታችሁ እየተሳበ ከሆነ መቀየር ያለበት ሳሙናው ነው። የመጀመሪያው ዘይት ከባዱን ሥራ ስለጨረሰ ሁለተኛው በጣም ለስላሳ ሊሆን ይችላል። እንዲያውም በደንብ የሚለቅ ዘይት የሚጠቀሙ፣ ቆዳቸው ደረቅ የሆነ ሰዎች ሁለተኛውን ትተው በውሃ ብቻ ቢጨርሱ ምንም አይደለም። ኤክዜማ ያለበት ሰውም እንዲሁ።

የደረቀ ቆዳ ለማካካስ ሌላ ወዝ ያመርታል የሚለው ግን ልክ አይደለም። ወዝ የሚያመርቱት ዕጢዎች የሚታዘዙት ለሆርሞን ነው፤ በተለይ አንድሮጅን ለሚባሉት። በጉርምስና ፊት የሚወዛው፣ አንዳንድ ሴቶች የወር አበባቸው ሲቃረብ ይበልጥ የሚወዙት ለዚህ ነው። ወዝን በእውነት የሚቀንሱ መድኃኒቶች ሲታዩም ነገሩ ግልጽ ይሆናል። አይሶትሬቲኖይን ዕጢዎቹን ያሟሽሻል፤ አንዳንድ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒኖች ደግሞ በሆርሞን በኩል ይሠራሉ። ዕጢው ከላይ ፊቱ ታጠበ አልታጠበ የሚያውቅበት መንገድ የለም። ከታጠባችሁ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ወዙ የሚመለሰው ዕጢው እንደወትሮው ሥራውን ስለቀጠለ ነው።

ይኸው ሐቅ ለሌላኛው ወገንም መልስ ይሆናል። የማጽጃ ዘይት አድናቂዎች «ዘይት ወዝን ያመጣጥናል፤ ቆዳ በቂ ዘይት እንዳለው ሲያውቅ ማምረት ያቆማል» ሲሉ ይሰማሉ። ይህም ስህተት ነው። ማጽጃ ዘይት ወዛም ፊትን ደረቅ አያደርግም። ማታ የተቀባችሁትን ያስለቅቃል፤ ከዚያ በላይ አትጠብቁበት። ብጉርም አያድንም። ሐኪም ያዘዘላችሁ አዳፓሊን ወይም ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ካለ በጸዳና በደረቀ ፊት ላይ ይቀባል።

ስለ ኮኮናቱና ስለ ገንዘቡ

ይህ ነው ዝም እንዳልል ያደረገኝ። ወዛም ፊት ዘይት አይስማማውም ብሎ ጀምሮ፣ ኢመልሲፋየር የሌለውን ዘይት ፊት ላይ አድርጉ ብሎ መጨረስ አይገጥምም። የኮኮናት ዘይት ሜካፕ ያሟሟል፤ በዚያ አልከራከርም። ግን እንዴት ይወርዳል? በውሃ አይለቅም። ስለዚህ ሰው በፎጣ ወይም በዋይፕስ ይፈትገዋል፤ ወይም በሳሙና ደጋግሞ ይታጠባል። ሁለቱም ጸሐፊዋ የፈራችውን መድረቅና መቆጣት የሚያመጡ ናቸው። የቀረው ዘይት ደግሞ ፊት ላይ ያድራል። የወይራ ዘይት ላይ ሌላም ችግር አለ። በውስጡ የበዛው ኦሌይክ አሲድ የቆዳን መከላከያ ሽፋን ሊያላላ ይችላል። ቀደም ሲል ያነሳሁት ማላሴዚያም የሚመገበው እንዲህ ባሉ ቅባት አሲዶች ነው።

ማንኛውም ሰው ቤቱ ሊሞክረው የሚችል ቀላል ፈተና አለ። በብርጭቆ ውስጥ ትንሽ ለብ ያለ ውሃ አድርጉ። የማጽጃ ዘይቱን ጥቂት ጠብታ ጨምራችሁ በማንኪያ አማስሉ። ውሃው ወተት ከመሰለና ዘይቱ ላይ ካልተንሳፈፈ ኢመልሲፋየር አለበት። ዘይቱ ክብ ክብ ሠርቶ ላይ ከተንሳፈፈ ተራ ዘይት ነው፤ ጠርሙሱ ላይ ምንም ቢጻፍ። ይህ የሚጠቅመው ገበያችን ላይ አስመስለው የተሠሩ ዕቃዎች ስላሉ ነው። ተራ ዘይት በሚያምር ጠርሙስ ተሞልቶ ሲሸጥ አይቻለሁ። ማሸጊያውን ለሚያነብ ደግሞ «ፖሊሶርቤት»፣ «ሶርቤት» ወይም «ፒኢጂ» ብሎ የሚጀምር ስም መኖሩን ይመልከት፤ አብዛኛውን ጊዜ ኢመልሲፋየሩ እሱ ነው። ርካሹ ዕቃ ውስጥ ያለው የማዕድን ዘይት ቢሆንም አያስፈራም። ለኮስሞቲክስ የተጣራው የማዕድን ዘይት በስሙ እንጂ በሥራው ቀዳዳ የሚደፍን ሆኖ አልተገኘም።

የገንዘቡ ነገር ግን ከልብ ያሳስበኛል። ሁሉም ሰው ሁለት ዕቃ መግዛት አይችልም፤ ማንንም እንዲገዛ አላስገድድም። አቅም ካነሰ በመጀመሪያ ሰንስክሪኑ ላይ አስቡ። ቀኑን ቢሮ ውስጥ ለምትውሉና ለማታልቡ ውሃ የማይቋቋም ሰንስክሪን ይበቃችኋል፤ እሱም በአንድ መታጠቢያ ይለቃል። ውሃ የሚቋቋመውን ለእግር መንገድ፣ ለስፖርትና ለረጅም የፀሐይ ቀን አስቀምጡት። ማጽጃ ዘይቱም ያኔ ብቻ ስለሚወጣ አንድ ጠርሙስ ለወራት ይቆያል። ዘይት ጭራሽ የማይገኝ ከሆነ ማይሴላር ዋተር የሚባለው ውሃ መሰል ማስለቀቂያ በጥጥ ተደርጎ፣ ሳይፈተግ፣ ጥቂት ሰከንድ ፊት ላይ ተይዞ ሊያስለቅቅ ይችላል። «መታጠብ አያስፈልግም» ቢባልም ከሱ በኋላ በመታጠቢያ መታጠቡ ይሻላል፤ በተለይ ለወዛም ፊት። እሱም ከሌለ ያንኑ ለስላሳ መታጠቢያ በደረቅ ፊት ላይ ቀብቶ አንድ ደቂቃ ማሸት፣ መታጠብ፣ ከዚያ መድገም ነው። ከዘይቱ ያንሳል፤ ከአንዴው ግን ይሻላል።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖሩ ሰዎች «ሁለቴ መታጠቢያ ውሃ ከየት ይመጣል» ብለው ይጠይቁኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በእርጥብ ጣት እስኪነጣ ድረስ በደንብ የታሸ ዘይት ለመውረድ ብዙ ውሃ አይፈልግም። አንድ ጆግ ለብ ያለ ውሃ ለሁለቱም ይበቃል፤ ግማሹ ለዘይቱ፣ ግማሹ ለጄሉ። ውሃ የሚፈጀው በጥድፊያ የተረጨው ነው።

መልቀቁን ለማረጋገጥ ደግሞ እንዲህ አድርጉ። ፊታችሁን ከታጠባችሁ በኋላ፣ ሳታደርቁ መስታወት ፊት ቁሙ። ውሃው ጉንጫችሁ ላይ ክብ ክብ እየሠራ ከተንከባለለ ሰንስክሪኑ ገና አልለቀቀ ይሆናል። ተዘርግቶ ቆዳውን ካራሰ ለቋል። ቀለም ያለው ሰንስክሪን የምትጠቀሙ ከሆነ ነጭ ፎጣ በአገጭ ጠርዝ ላይ ጫን አድርጋችሁ እዩ። በጥጥ እየፈተጉ መፈተን ግን አይጠቅምም። ጠንክሮ የተፈተገ ቆዳ ንጹሕ ቢሆንም ከሞተ ቆዳው ትንሽ ቡናማ ነገር ሊተው ይችላል፤ በዚያ ተደናግጦ ለሦስተኛ ጊዜ የሚታጠብ ሰው ቆዳውን ያቆስላል።